60 እና 144 ቤት አይመቱም፦ ስለ ጌም ሞኒተር፣ አዳፕቲቭ ሲንክ እና የድራይቨር ማስተካከያ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጌም ቤት ያለው አንድ ወዳጄ ከአዲስ አበባ አራት ያገለገሉ ሞኒተሮች አስመጣ። አራቱም ካርቶናቸው ላይ 144 ኸርዝ የሚል ተጽፎባቸዋል። እንዲያውም በአንዱ ላይ ቁጥሩ ከሞኒተሩ ስም ይበልጥ ገዝፎ ይታያል። አወጣቸው፣ የነበረውን ኬብል ሰካና ጌሙን በሰዓት ማከራየት ጀመረ። በሳምንቱ ደወለልኝ። «አንተ ልጅ፣ ብሬን ሜዳ ላይ ነው እንዴ የበተንኩት? ልጆቹ ከድሮው በምን ተሻለ እያሉኝ ነው» አለኝ።

ሄጄ አየሁት፤ ልጆቹ እውነታቸውን ነበር። አራቱም ሞኒተሮች የሚሠሩት በ60 ኸርዝ ነው። በሴኮንድ 144 ጊዜ ምስሉን ማደስ የሚችል ሞኒተር 60 ጊዜ ብቻ እያደሰ ተቀምጧል። ባሕር ዳር፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ እዚሁ ማርቆስ በገባሁባቸው ጌም ቤቶች ይኼንኑ ደጋግሜ አይቻለሁ። ሰው ሞኒተር ሲገዛ የካርቶኑን ቁጥር የገዛ ይመስለዋል። ቁጥሩ ግን የሚገኘው ሦስት ቦታ ሲስማማ ነው፦ በሞኒተሩ ሜኑ፣ በዊንዶውስ እና በግራፊክስ ካርዱ ድራይቨር።

60 የሚሆንበት ምክንያት ቀላል ነው። ሞኒተር ሲሰካ የሚችላቸውን ነገሮች ዝርዝር ለኮምፒውተሩ ይሰጣል፤ በዚያ ዝርዝር ውስጥ «መጀመሪያ ይኼን ሞክሩ» ብሎ የሚያስቀድመው ብዙ ጊዜ 60ን ነው። ዊንዶውስም ያንን ይዞ ይቀመጣል፤ ሰው ካልነካው በቀር አይለውጠውም። የሚለወጠው ዴስክቶፑ ላይ በቀኝ ተጭኖ «Display settings»፣ ከዚያ ወደ ታች «Advanced display» ሲባል ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ ይኸው «Advanced display settings» ይላል። እዚያ «Refresh rate» ከሚለው ሥር 144ን መርጦ መውጣት ነው።

አንዱ ኮምፒውተር ላይ ግን 144 ዝርዝሩ ውስጥ የለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሻጩን ይረግማል። እኔ «NVIDIA Control Panel» ከፍቼ «Change resolution» ገባሁ። በኤችዲኤምአይ ለተሰካ ሞኒተር እዚያ ሁለት ዝርዝር አለ። ላይኛው «Ultra HD, HD, SD» የሚለው ነው፤ የቴሌቪዥን ዝርዝር በሉት። 1080p የሚለው እዚያ ሲመረጥ ከ60 አያልፍም። ወደ ታች ሲወረድ «PC» የሚል ሌላ ክፍል ይመጣል፤ በዚያ ክፍል 1920 × 1080 ሲመረጥ 144 ብቅ አለ። ያው ስፋት፣ ያው ቁመት፣ ግን ሁለት ቦታ ተጽፎ። ይኼን ማን እንዲህ እንዳደረገው ባውቅ አንድ ነገር እለው ነበር።

እዚህም ካልታየ ጥፋቱ ከሁለት በአንዱ ነው። አንደኛ፣ ኬብሉ በግራፊክስ ካርዱ ላይ ሳይሆን ከዩኤስቢ ቀዳዳዎቹ ጎን ባለው የማዘርቦርዱ ቀዳዳ ላይ ተሰክቶ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ካርዱ ቁጭ ብሎ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለችው ትንሿ ግራፊክስ ናት የምትለፋው። ሁለተኛ፣ የቆየ ሞኒተር ከሆነ በኤችዲኤምአይ ቀዳዳው የሚቀበለው እስከ 75 ወይም እስከ 120 ብቻ ሊሆን ይችላል፤ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው 144 ዲስፕሌይፖርት የሚባለው የሌላኛው ቀዳዳ ነው።

እንግዲህ አራቱንም 144 አድርጌ «ጨርሻለሁ» ብዬ ተነሣሁ። ሁለት ተማሪዎች የእግር ኳስ ጌም ከፈቱ፤ ካሜራው ኳሷን ተከትሎ ከአንዱ ጎል ወደ ሌላው ሲዞር የሜዳው መስመር ይንገጫገጭ ጀመር። በፊት እንዲህ አልነበረም። አንደኛው ዞሮ «ጋሼ፣ የድሮው ይሻል ነበር እኮ» አለው ባለቤቱን። ባለቤቱ እኔን አየኝ።

ልጁ ልክ ነው፤ የጽሑፌም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ያ ጌም የተሠራው በሴኮንድ 60 ምስል እንዲያወጣ ሆኖ ነው፤ ካርዱ ምንም ቢጎብዝ ከዚያ አያልፍም። እያንዳንዱ ምስል እኩል 16.7 ሚሊሴኮንድ መቆየት አለበት። በ60 ኸርዝ ሞኒተር ይኼ ችግር የለውም፤ ለአንድ ምስል አንድ ማደስ ነው። 144 ኸርዝ ሞኒተር ግን በየ6.94 ሚሊሴኮንዱ ያድሳል። 144ን ለ60 ስታካፍሉት 2.4 ይመጣል። ሞኒተር ደግሞ አንድን ምስል 2.4 ጊዜ ማሳየት አይችልም። ስለዚህ አንዱን ምስል ሁለቴ፣ ሌላውን ሦስቴ እያሳየ ያቻችለዋል። አንዱ 13.9 ሚሊሴኮንድ ይቆያል፣ ሌላው 20.8። አምስት ምስል በ12 ማደስ ውስጥ ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት እየሆነ ይገባል። ኳሷ በእኩል ፍጥነት እየሄደች ሳለ ዓይናችን የሚያያት አንዴ እንደቸኮለች፣ አንዴ እንደዘገየች ነው።

የቅኔ አገር ሰው ይኼን ለመረዳት ሒሳብ አያሻውም። ቤት ያልመታ ስንኝ ነው። ቃሉ ሁሉ በየቦታው አለ፤ ሲነበብ ግን ጆሮ ይቆረቁራል። 60 እና 144 ቤት አይመቱም፤ 60 እና 120 ይመታሉ፤ 60 እና 60ም እንዲሁ።

አዳፕቲቭ ሲንክ የመጣው ይኼን ለመፍታት ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ሞኒተሩ በራሱ ምት መሄዱን ይተውና ካርዱን ይጠብቅ። ካርዱ ምስል ሲጨርስ ያኔ ያድስ። በሠርግ ላይ ከበሮ መቺው ዓይኑን ጨፍኖ ሲመታና የእስክስታ ወራጁን ትከሻ እያየ ሲመታ ያለውን ልዩነት አስቡት። ኤንቪዲያ ይኼን ጂሲንክ ብሎ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2013 ሲያወጣ በሞኒተሩ ውስጥ የራሱ ተጨማሪ ሰሌዳ እንዲገባ ይጠይቅ ነበር፤ ዋጋውንም ያንረው ነበር። በ2014 ቬሳ የተባለው የደረጃ አውጪዎች ማኅበር ያንኑ ሐሳብ ያለ ልዩ ሰሌዳ በዲስፕሌይፖርት ደረጃ ውስጥ አስገባው፤ ስሙም አዳፕቲቭ ሲንክ ሆነ። ኤኤምዲ ፍሪሲንክ የሚለው በዚሁ ላይ የቆመ ነው። ኤንቪዲያም በዚያው በፈረንጅ አቆጣጠር በጥር 2019፣ በ417.71 ድራይቨር፣ ካርዶቹ በእነዚህ ተራ ሞኒተሮች ላይ እንዲሠሩ ፈቀደ። እንግዲህ «ፍሪሲንክ» ተብሎ የተጻፈበት ሞኒተር ለኤኤምዲ ብቻ ነው የሚለው ወሬ ዛሬ አይሠራም። ድራይቨሩም ከዚያ ወዲህ የወጣ እስከሆነ ድረስ ለዚህ ሲባል ብቻ በሞባይል ዳታ አዲሱን ማውረድ አያስፈልግም።

ወዳጄ ያሉት ኮምፒውተሮች ሦስቱ ጂቲኤክስ 1060 ካርድ አላቸው። በዚህ ካርድ ላይ ነገሩ የሚሠራው በዲስፕሌይፖርት ኬብል ብቻ ነው። በኤችዲኤምአይ 144 አግኝተናል፤ አዳፕቲቭ ሲንክ ግን አናገኝም። የኤኤምዲ ካርድ ያለው ሰው ሞኒተሩ ከፈቀደለት በኤችዲኤምአይም ሊያገኘው ይችላል፤ ኤንቪዲያ ግን በኤችዲኤምአይ የሚፈቅደው በአዳዲሶቹ ካርዶችና የ2.1 ደረጃን በያዙ ሞኒተሮች ነው። ስለዚህ ሦስት ዲስፕሌይፖርት ኬብል ፍለጋ ከተማውን ዞርን። ሁለት ሱቅ ውስጥ የሰጡን በአንድ ጫፉ ዲስፕሌይፖርት፣ በሌላው ኤችዲኤምአይ የሆነውን ነው። እሱ አይሆንም፤ ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ዲስፕሌይፖርት አንድ ጥጉ ብቻ የተቆረጠ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ነው፤ ኤችዲኤምአይ ሁለቱም የታች ጥጉ የተቆረጠ ነው። በመጨረሻ ኬብሎቹን ያገኘናቸው ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥ ልጅ ከላስቲክ ከረጢት ውስጥ ነው።

ኬብሉ ከተሰካ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ በሞኒተሩ በራሱ ላይ ነው። ከሥሩ ወይም ከጀርባው ያሉትን ቁልፎች ተጭኖ ሜኑውን ማውጣትና «FreeSync» ወይም «Adaptive-Sync» የሚለውን ማብራት ያስፈልጋል። ብዙ ሞኒተር ከፋብሪካ አጥፍቶት ነው የሚመጣው። ይኼ ካልበራ ድራይቨሩ ሞኒተሩ ነገሩን እንደሚችል አያውቅም፤ «Set up G-SYNC» የሚለው ገጽ ከዝርዝሩ ጨርሶ ይጠፋል። ሰዎች «የኔ ካርድ የለውም» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ይኼ ገጽ ጠፍቶባቸው ነው። ሜኑው በርቶ ገጹ ሲመጣ «Enable G-SYNC, G-SYNC Compatible» የሚለውን ምልክት ማድረግ፣ ከታች ሞኒተሩን መርጦ «Enable settings for the selected display model» የሚለውንም ምልክት አድርጎ «Apply» ማለት ነው። ይቺ ሁለተኛዋ ምልክት ትረሳለች። የኤኤምዲ ሰው ሥራው ያነሰ ነው፤ በ«AMD Software» ውስጥ «Display» ገብቶ «AMD FreeSync» የሚለውን ማብራት ይበቃዋል።

ኬብሉ የሚሰካበት ቀዳዳ ሲቀየር ዊንዶውስ ሞኒተሩን እንደ አዲስ ሊቆጥረውና ወደ 60 ሊመልሰው ይችላል። የእኛም ሁለቱ ተመልሰው ነበር። ስለዚህ ከኬብል ለውጥ በኋላ «Refresh rate»ን እንደገና ማየት ግድ ነው።

መሥራቱን የምናውቀው እንዴት ነው? በ«NVIDIA Control Panel» ላይኛው መስመር ላይ «Display» ሲጫኑ «G-SYNC Compatible Indicator» የሚል አለ፤ ሲበራ ጌም ውስጥ በማያው ጥግ ጽሑፍ ይወጣል። እኔ ይበልጥ የማምነው ግን የሞኒተሩን ሜኑ ነው። አብዛኞቹ በሜኑአቸው የመረጃ ገጽ ላይ በዚያች ቅጽበት ያሉበትን ኸርዝ ያሳያሉ። አዳፕቲቭ ሲንክ ከሠራ ቁጥሩ አንድ ቦታ አይረጋም። የመኪና ጌም ከፍተን ከገጠር መንገድ ወደ ከተማ ስንገባ ከ110 ወደ 80ዎቹ ሲወርድ፣ ስንወጣ መልሶ ሲወጣ አየን። በእግር ኳሱ ላይ 60 ላይ ቆመ፤ መንገጫገጩም ጠፋ። ሞኒተሩ 144 ሆኖ ሳለ ለዚያ ጌም ሲል ራሱን 60 አደረገ ማለት ነው።

አንዱ ኮምፒውተር ላይ ያው ሁሉ ተደርጎ የመኪናው ጌም ከ60 አልፎ አልሄድ አለ። የጌሙን ማስተካከያ ስንከፍት የራሱ የኸርዝ ምርጫ አለው፤ 60 ላይ ተቀምጧል። ጌም ሙሉ ማያውን ሲይዝ የዊንዶውስን ምርጫ ጥሶ የራሱን ሊጠይቅ ይችላል፤ ያኔ ጣሪያው እዚያው 60 ላይ ይቀራል። ወይ ጌሙ ውስጥ መለወጥ ነው፣ ወይ በድራይቨሩ «Manage 3D settings» ውስጥ «Preferred refresh rate» የሚለውን «Highest available» ማድረግ ነው። ጌም ቤት ላይ ሁለተኛው ይሻላል፤ ደንበኛ በየሰዓቱ የጌሙን ማስተካከያ ይነካካልና።

አሁን ሰው የሚከራከርበት ጉዳይ ቀረ፤ ቪሲንክ ይብራ ወይስ ይጥፋ? ቪሲንክ የድሮው መፍትሔ ነው፦ ምስሉ ሳያልቅ እንዳይታይ ካርዱን የሚያስጠብቅ። አዳፕቲቭ ሲንክ ሳይኖር ቪሲንክ ብቻውን ሲበራ ምን እንደሚሆን አስሉት። ካርዱ አንድን ምስል በ11.1 ሚሊሴኮንድ ቢጨርስ፣ በሴኮንድ 90 ማለት ነው። ሞኒተሩ ግን በሩን የሚከፍተው በ6.94 እና በ13.9 ላይ ነው። 6.94 አመለጠው፤ 13.9 ድረስ ይጠብቃል። 90 የነበረው 72 ሆኖ ይታያል፤ እጅም መዘግየቱን ይሰማዋል። ቪሲንክ ሲጠፋ ደግሞ የላይኛው ግማሽ የአዲሱ ምስል፣ የታችኛው የአሮጌው እየሆነ ምስሉ በአግድም ይቀደዳል። «ቪሲንክን አጥፉት» የሚለው ምክር ከዚያ ዘመን የቀረ ነው።

አዳፕቲቭ ሲንክ ሲኖር ሥራው ይለወጣል። ሞኒተሩ የሚጠብቀው በአቅሙ ክልል ውስጥ ነው፤ የእኛዎቹ ክልል ከ48 እስከ 144 ነው። ካርዱ አንዱን ምስል ከ6.94 ሚሊሴኮንድ በታች ከጨረሰው ከጣሪያው ወጥቷል፤ ያኔ ካልተያዘ ይቀደዳል። ስለዚህ በድራይቨሩ «Vertical sync» የሚለውን «On» አድርጌ፣ በጌሙ ውስጥ ያለውን አጠፋለሁ። ከዚያ «Max Frame Rate» በሚለው ላይ ከጣሪያው ዝቅ ያለ ልጓም አስገባለሁ፤ ለ144 ሞኒተር 138፣ ለ165 ሞኒተር 157። ካርዱ በራሱ ወደ ጣሪያው ስለማይደርስ ቪሲንክ የማስጠበቅ ዕድል አያገኝም፤ አልፎ አልፎ የምታመልጥ አንዲት ምስል ብትኖር ግን ይይዛታል። መዘግየቱ የሚመጣው ካርዱ ጣሪያውን ሲገፋ ነውና ሦስቱ አብረው ሲሆኑ ሁለቱም ችግር ይጠፋል። ልጓሙን 144 ላይ ማድረግ ግን ከንቱ ነው፤ ጣሪያው ላይ ተለጥፎ መቀመጥ ማለት ነው።

ከታች ያለው ወሰን ግን ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ካርዱ ከ48 በታች ሲወርድስ? ድራይቨሩ አንዱን ምስል ሁለት ጊዜ ይልከዋል፤ 40 ከሆነ ሞኒተሩ በ80 ያድሳል፤ ምቱ ተጠበቀ። ይኼ የሚሆነው ጣሪያው ከወለሉ ቢያንስ እጥፍ ሲሆን ነው። በርካሽ የሚሸጡት 75 ኸርዝ «ፍሪሲንክ» ሞኒተሮች ክልላቸው ብዙ ጊዜ ከ48 እስከ 75 ነው፤ 40 እጥፍ ሆኖ 80 ቢሆን የሚገባበት ቦታ የለም። ደካማ ካርድ ያለው ሰው፣ ማለትም ነገሩ በጣም የሚያስፈልገው ሰው፣ ልክ በሚያስፈልገው ሰዓት ያጣዋል። ከ48 በታች ለሚኖር ካርድ ያንን ሞኒተር በአዳፕቲቭ ሲንኩ ተማምኖ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው እላለሁ።

ከሦስቱ አንደኛው ሞኒተር የተለየ ሥሪት ነው፤ ጥቁሩ ጠቆር የሚል፣ ቪኤ የሚባለው ዓይነት ፓነል። እሱ ላይ አንድ ጌም ሊከፈት ሲጠባበቅ፣ ጨለም ያለው ማያ እንደ ደከመ አምፖል ብልጭ ድርግም ይላል። ባለቤቱ ወዲያው ወደ ስታቢላይዘሩ ሮጠ፤ እዚህ አገር የሚበልጭ ነገር ሁሉ ጥፋቱ የመብራት ነውና አልፈርድበትም። ግን ጌሙ ሲጀመር ይጠፋል፣ ሌላ ጌም ላይ የለም፣ ዴስክቶፑ ላይ የለም። የመብራት ቢሆን ጌም አይመርጥም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጌም ሲጫን የምስሉ ቁጥር ከ48 ወለል በላይና በታች ይዘላል። 50 ሲሆን ሞኒተሩ በ50 ያድሳል፤ 46 ሲሆን እጥፍ ስለሚሆን በአንዴ ወደ 92 ይዘላል። በእንዲህ ዓይነት ፓነል ላይ የአንድ ነጥብ ድምቀት ሁለት ማደስ መካከል ባለው ጊዜ ልክ ጥቂት ይለዋወጣል፤ ጊዜው ሲዘል ድምቀቱም ይዘላል፤ ጥቁር ግራጫ ላይ ደግሞ ይብሳል። ብልሽት አይደለም፤ ሞኒተሩን መመለስም አያዋጣም። ለዚያ ጌም ብቻ «Manage 3D settings» ውስጥ «Program Settings» ገብቼ «Monitor Technology» የሚለውን «Fixed Refresh» አደረግሁለት። ሌሎቹ ጌሞች እንዳሉ ቀሩ።

አራተኛው ኮምፒውተር ጂቲኤክስ 960 ነው። ካርዱ ኤንቪዲያ በተራ ሞኒተር ላይ ከፈቀደላቸው ትውልዶች አንድ ትውልድ ይቀድማል፤ ኬብል ቢቀየር፣ ድራይቨር ቢታደስ አዳፕቲቭ ሲንክ አያገኝም። ባለቤቱ ፊቱ ጠቆረ፤ አራቱንም በአንድ ዋጋ ሊያከራይ አስቦ ነበር። እኔ ኸርዙን ከ144 ወደ 120 ዝቅ አደረግሁት። «ቀንሰህብኝ ልትሄድ ነው?» አለ። የእግር ኳሱን ከፈትን። 60 በ120 ውስጥ ልክ ሁለቴ ይገባል፤ እያንዳንዱ ምስል እኩል 16.7 ሚሊሴኮንድ። መስመሩ ሳይንገጫገጭ ዞረ። ያ ኮምፒውተር የመኪና ጌም ላይ ቪሲንክ ሲጠፋ አሁንም ይቀደዳል፣ ሲበራ ይዘገያል፤ ከሁለቱም የሚገላግል መድኃኒት የለኝም። ስለዚህ ባለቤቱ ወስኖ «ለኳስ ብቻ» የሚል ወረቀት ለጠፈበት።

ከወር በኋላ ሳልፍ ጎራ ብዬ ነበር። አንዱ ልጅ ዊንዶውስ ተበላሽቶበት ቴክኒሻን ድራይቨሩን አጥፍቶ እንደገና ጭኖለት ኖሮ፣ «clean installation» የሚለው ተመርጦ ስለነበር 138ቱ ልጓምና ቪሲንኩ ጠፍተዋል። አራቱን ማስተካከያዎች በእስክሪብቶ ጽፌ ከኬዙ ጎን ለጠፍኩለት፦ 144፣ «G-SYNC Compatible»፣ «Vertical sync» «On»፣ 138።